ያለ አሜን የተቀዳ ምርቃት

ለአንዱ የተመረቀ ምርቃት ተቆርጦ ለሌላው ቢቀዳ፣ የሚያርፈው ማን ላይ ነው? ይህን ልጠይቅ ብዬ ሁለት ጊዜ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ጉልበቴ ሕመም አውርቼ ተመለስኩ። እንዴት ብዬ ልጀምረው? «አባ፣ ምርቃቱ ያለው ካሴት ላይ ነው» ብላቸው፣ ከጉልበቴ አልፎ ራሴን አሞኝ እንደሆነ ነው የሚጠይቁኝ።

ነገሩ የተጀመረው በዘጠና ዓመተ ምሕረት፣ ልጄ ኖላዊ ለቡ ላይ ቤት ሠርቶ ሲጨርስ ነው። ቤት ስላችሁ እንደ እኔና እንደ እናንተ ቤት እንዳይመስላችሁ። ከፊቱ አራት ዓምዶች አሉት። የተሸከሙት ነገር የለም፤ እንደ ተጋባዥ ለብሰው ቆመዋል እንጂ። መጸዳጃ ቤቱ ላይና ታች ነው። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ያሳሰበኝ ደረጃው ነበር፤ መደገፊያው ገና አልተሠራም፣ ሰው ወድቆ ቢሞትስ? ኖላዊ ግን «ከጣሊያን የመጣ እብነ በረድ ነው» አለኝ፤ ከጣሊያን በመጣ እብነ በረድ ላይ የሚወድቅ ሰው የማይጎዳ ይመስል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ላፍቶ ያለው ቤቴ መጣ። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ደጅ ቆመ።

«እማዬ፣ ቅዳሜ ቤቴን ላስመርቅ ነው» አለ፣ ሳይቀመጥ። «አባዬ ካልመረቀው ሰው ምን ይለኛል?»

«አባትህማ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ቀብረኸው የለ?»

«ካሴቱ አለ አይደል። ድምፁን በስፒከር እናሰማለን። እፁ ምርቃት ያለበትን ፈልጋ ታውጣልኝ።»

እፁ የሚላት እፀገነትን ነው፤ ከሟች ልጄ የቀረችኝን የልጅ ልጄን። እኔና አያቷ ነን ያሳደግናት። ባለቤቴ ሙሉሰው ዕድሜውን የመንገድ መዳመጫ ሮሎ ሲነዳ ኖሮ በመጨረሻው ዓመት አልጋ ላይ ዋለ። ያን ጊዜ እፀገነት ትንሿን ቴፕ ትራሱ አጠገብ አስቀምጣ «አባባ፣ ታሪክህን ንገረኝ» አለችው። አንድ ጊዜ የተከፈተለት ሰው መቼ ይዘጋል? ካሴት በካሴት ላይ ሞላ፤ በፊትም በጀርባም። እንደ ሮሎው ነበር የሚያወራው፤ ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለስና የሄደበትን እንደገና ይዳምጠዋል።

ከኖላዊ ጋር ግን ያን ዓመት ሙሉ አልተያዩም። ተጣልተው አይደለም። ጥል ቢሆንማ ሽማግሌ ይገባበት ነበር። ኖላዊ ሥራ በዝቶበት ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ከረጢት ብርቱካን በሾፌሩ ይልካል። ሾፌሩ ጨዋ ነው፣ ጫማውን አውልቆ ይገባል፣ «ጋሼ ሰላም ብለዋል» ይላል፣ ይወጣል። አባትየው ለልጁ ስንብት የሚሆን ምርቃት ሳይሰጥ ማረፉን ኖላዊም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ለዚህ ነው ይህች ካሴት ያንገበገበችው። አባቱ ሳይመርቀው ሞተ መባልን እንደ እሳት ይፈራል፤ በተለይ አራት ዓምድ ካቆመ ወዲህ።

እኔም ብሆን የልጄ ነገር ነው። ሳይመረቅ ሲቀር ሆዴ አይችልም። እሺ አልኩ።

ኖላዊ ባለ ሁለት ካሴት ትልቅ ቴፕ ላከልን፤ በሾፌሩ ነው እርግጥ። እፀገነት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። እኔ ገመዱ ላይ አፈጠጥኩ። ላፍቶ ያን ጊዜ መብራት ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ሲመለስ አምፖል ይዞ ይሄዳል። «ልጄ፣ ቢይዝሽስ?» ስላት «እምዬ፣ ቴፕ ነው፣ ምጣድ አይደለም» አለችኝና ሥራዋን ጀመረች።

መጀመሪያ በሁሉም ካሴቶች ጀርባ ላይ ያሉትን ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች በቢላ ጫፍ ሰበረች። «ምነው ታበላሺዋለሽ!» ብዬ ጮህኩ። «እነዚህ ከተሰበሩ ሪከርድ ብለውም አይጫንም። በስሕተት በአባባ ላይ ሌላ ነገር እንዳይቀዳ ነው» አለች። ቀጥላም ክሩ የሚነካውን ብረት በጥጥና በአልኮል ጠረገችው። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ካሴቶቹን ወደ መጀመሪያቸው የመለሰችው በማሽኑ ሳይሆን በቢክ እስክሪብቶ ነው። እስክሪብቶውን ቀዳዳው ውስጥ ሰክታ ስታሽከረክር እጇን ብታዩት ፈታይ ትመስላለች። ያረጀ ክር በማሽን ሲጠመጠም ሊበጠስ ይችላል አለችኝ። ይህን ከሰማሁ በኋላ በተሽከረከረ ቁጥር ትንፋሼን እይዝ ነበር።

ከዚያ ማዳመጥ ሆነ። ፍለጋ ማለት ማዳመጥ ነው ለካ፤ ሌላ መንገድ የለውም። ቴፑ ላይ ቁጥር የሚቆጥር ነገር አለ፤ እሱን ዜሮ አድርጋ ትጀምርና ደስ ያላት ቦታ ስትደርስ ቁጥሩን ትይዛለች። ግን ቁጥሩ ሰዓት አይደለም። ክሩ መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ያስቆጥራል፣ መጨረሻ ላይ ያዘግማል። ሙሉሰውም እንደዚያው ነበር።

ሰምተን ሰምተን ምን አገኘን? ሮሎው ጅማ መንገድ ላይ ጭቃ ሲውጠው። አለቃው የነበረው ጣሊያን እንዴት እንደሚሳደብ፣ ከነስድቡ። ሟች እህቱ ያልመለሰችለት ብርድ ልብስ። አንዱ ካሴት ባትሪው ሲደክም የተቀዳ ነው። በደካማ ባትሪ የተቀዳ በደህና መብራት ሲሰማ ይፈጥናል። ሙሉሰው በሕፃን ልጅ ድምፅ እየጮኸ ስለ አስፋልት ሲናገር እፀገነት መሬት ላይ ተንከባለለች፤ እኔም ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ እንባዬ። በሌላው ላይ ስለ እኔ ወጥ ነው፤ ጨው እንደማልችል፣ አርባ ዓመት ታግሦ እንደኖረ። አልጋ ላይ ሆኖ፣ የበላበትን ሳህን ሳያስቀምጥ!

ምርቃት ሲጀምርም አይጨርስም። «እግዚአብሔር ይህችን ቤት…» ይልና «ማነው ያንን በር ክፍት የተወው?» ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከሰዓታት ውስጥ አንድ፣ አንዲት ብቻ፣ ሙሉ ምርቃት ተገኘች። ከሷ በፊት አውራ ዶሮ ይጮኻል፣ በር ይከፈታል፣ የወተት ጣሳ ይቀመጣል።

«ዳባ ልጄ፣ እጅህ አይንጠፍ።»

«አሜን።»

«ላሞችህ በረት ይሙሉ።»

«አሜን።»

«እኔን እንዳነሣኸኝ ልጆችህ ያንሡህ።»

«አሜን።»

እንዲህ እያለች ትቀጥላለች። ዳባ ጎረቤታችን ነው። እኛ ላፍቶ ሳንመጣ በፊት አባቶቹ እዚያው ሲያርሱ የኖሩ ናቸው። አሁንም ሁለት ላሞች አሉት። ያን ዓመት በየጠዋቱ ወተት ይዞ ይመጣና፣ ጣሳውን አስቀምጦ ሙሉሰውን ከአልጋ አንሥቶ ጀርባውን ያጥበው ነበር። እኔ አልችለውም፤ ሰውዬው ከነበሽታውም ከባድ ነበር። ምርቃቷ የዳባ ናት። አንድም ቃል ለሌላ የተባለ የለባትም።

ኖላዊ በማግስቱ መጥቶ ሰማት። አንድ ጊዜ ሰማት፣ ደግሞ አሰማችው። ፊቱን አየሁት፤ ልጅ ሳለ ለሌላ ልጅ ከረሜላ ሲሰጥ እያየ የሚይዘውን ፊት ነበር የያዘው።

«ስሙን ቁረጪው» አለ።

«ጋሼ፣ የዳባ'ኮ ነው» አለችው እፀገነት።

«ዳባ ምን ቤት አለው የሚመረቅለት? በምላጭ ቁረጪና በፕላስተር አጣብቂው።»

«በምላጭ አይሆንም። ክሩ አንድ ነው፣ የተቀዳው ግን ከሁለት ፊት ነው። ከዚህ በኩል የዳባን ስም ብቆርጥ፣ ከወዲያ በኩል እዚያው ክር ላይ ያለው አብሮ ይሄዳል።»

«ከወዲያ በኩል ምን አለ?»

«እምዬን በወጥ የሚያማው።»

«ታዲያ ይቆረጣ!» አልኩ እኔ። ማንም አልሰማኝም።

«ዋናውን ሳልነካ ወደ ሌላ ካሴት እቀዳዋለሁ፤ የማንፈልገውን በፖዝ እዘላለሁ» አለች። ይህን ታውቅበታለች። ከሬዲዮ ዘፈን ስትቀዳ አስተዋዋቂው አፉን ሊከፍት ሲል ፖዝ ትጫን ነበር፤ ካሴቶቿ ላይ አንድም አስተዋዋቂ የለም።

ኖላዊ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በዚያ ዓመት በዚያ ቤት ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበር።

«ላሞቹም ይውጡ። እንግዶቼ ይስቁብኛል።»

«እሺ።»

«የዳባም አሜን ይውጣ።»

«እሺ። ‹እኔን እንዳነሣኸኝ›ስ? እሱም የዳባ…»

«እሱ ይቆይ! አላነሣሁም እንዴ? የሬሳ ሣጥኑን ማን ነው ከፊት የተሸከመው?»

እፀገነት አየችኝ። እኔ የቴፑን ገመድ አየሁ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ዋናውን ካሴት በግራ፣ ባዶውን በቀኝ አስገባች። ባዶውን መጀመሪያ በእስክሪብቶ ትንሽ አሽከረከረችው፤ መነሻው ላይ ያለው ነጩ ክር ድምፅ አይዝም፣ እዚያ ላይ ቢቀዳ የመጀመሪያው ቃል ይጠፋል። ከዚያ ቀኙን ሪከርድና ፖዝ ላይ አደረገች፤ ተጭኖ የሚጠብቅ፣ የማይሄድ። ግራውን ለቀቀች። ዶሮው ጮኸ፣ ጣሳው ተቀመጠ፣ ጣቷ ፖዙ ላይ ነው። «ዳባ» እና «ልጄ» መካከል ያለችው ትንፋሽ ጠባብ ናት። ቃሉ ሲመጣ ከለቀቁት ይዘገያል፤ ማሽኑ እስኪነሣ ጥቂት ይፈልጋል፤ ከቃሉ ቀደም ብሎ መልቀቅ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ «ባ ልጄ» ብሎ ወጣ። ሁለተኛው «ጄ» ብቻ። ከዚያ በኋላ ያዘችው፤ «ልጄ፣ እጅህ አይንጠፍ።» ወዲያው ፖዝ። ግራው ግን ይሄዳል፤ ሙሉሰው ዝም ይላል፣ ዳባ አሜን ይላል፣ ላሞቹ ያልፋሉ፣ እንደገና አሜን፣ ከዚያ ፖዙን ትለቃለች፤ «እኔን እንዳነሣኸኝ…»

አንድ ቦታ ላይ ዳባ ቸኩሎ፣ ሙሉሰው ሳይጨርስ አሜን ብሏል። ድምፅ በድምፅ ላይ ከወደቀ አይላቀቅም። አሜኑን ስትቆርጥ የሙሉሰው ቃል ጅራቷ ይቆረጣል፤ ቃሉን ስትተው አሜኑ ይገባል። ብዙ ታግላ ጫፉን ብቻ አስቀረችው፤ «…ሜን» የሚል።

«አንድ ነገር አለ» አለች ወደ መጨረሻው። «አባባ በየመሐሉ አሜን እስኪባል ነው ዝም የሚለው። ዳባን ሳወጣ ዝምታውም አብሮ ወጣ። ከፈለግህ ግራውን አቁሜ ቀኙን ብቻ ባስኬደው ባዶ ቦታ ይተዋል። እንግዶቹ አሜን የሚሉበት።»

«ባዶ ቦታ!» አለ ኖላዊ። «ያን ሁሉ ሰው ጠርቼ ቴፑ ተበላሸ እንዲሉኝ? አያይዢው። አሜን መጨረሻ ላይ አንዴ በጋራ ይባላል።»

«አሜን እኮ…» ብዬ ጀመርኩ። አሜን የሚለው ነው ምርቃቱን የሚቀበለው፤ አሜን የሌለበት ምርቃት ተመልሶ መራቂው ጋ ነው የሚቀረው፣ ልለው ነበር። በዚያች ቅጽበት መብራቱ ብልጭ ድርግም አለና እኔ «ንቀዪው! ንቀዪው!» እያልኩ ተነሣሁ። ነገሩ ተረሳ።

ቅዳሜ ደረሰ። ዋናውን ካሴት ቤት ትቼው ልወጣ አልቻልኩም። ሌባ ቢገባስ? አይጥ ክሩን ብትበላስ? በመሐረብ ጠቅልዬ ጡቶቼ መሐል ከተትኩት። ዳባ ደግሞ «እማማ፣ ብቻሽን እንዳትሄጂ» ብሎ ታክሲ አሳፍሮ አብሮኝ መጣ። ማን ይከልክለው? ምን ብዬ? የታጠበች ጃኬቱን ለብሷል። በሩ አጠገብ ጥግ ላይ አስቀመጡት፣ አንድ ለስላሳ ሰጡት፣ በሁለት እጁ ይዞ ቁጭ አለ።

ሰው ሞልቷል። ሁሉም ዓምዶቹን እየነካ «ጠንካራ ነው» ይላል። ኖላዊ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ማይክሮፎን ይዞ፣ አባቱ እንዴት እንደሚወደው ተናገረ። «በመጨረሻዋ ሰዓቱ እንኳ የኔን ስም…» ሲል እፀገነት ጉሮሮዋን ጠረገች። ከቴፑ የወጣው ስም የማን እንደሆነ ደግሞ የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን።

ከዚያ የዕድራችን አንጋፋ አቶ በንቲ ቆሙ። ሽማግሌው ሲቆሙ ሁሉም ቆመ፤ መዳፉን ወደ ላይ ዘረጋ። እፀገነት ፕሌይ ተጫነች። ስፒከሩ እንደ ዝናብ ሽሽ አለ፤ ከካሴት ወደ ካሴት የተቀዳ እንዲህ ነው፣ ሽሽ የሚለው ይጨምራል።

«ልጄእጅህአይንጠፍእኔንእንዳነሣኸኝልጆችህያንሡህ…»

አቶ በንቲ «አ…» ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ምርቃቱ አልፏቸው ሄደ። ሁለተኛውን ሊይዙ ሲሉ ሦስተኛው መጣ። ሕዝቡ ሁሉ እንደ ዓሣ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አንዲት ሴትዮ ሁለት አሜን አንድ ላይ ብላ ለመድረስ ሞከረች። ሕይወቱን ሁሉ ከሮሎ በላይ ፈጥኖ የማያውቀው ሙሉሰው፣ ከሞተ በኋላ የቸኮለ ይመስል ይበራል። መሐል ላይ በዳባ ድምፅ «…ሜን» አለ ስፒከሩ። ልጆች ሳቁ። ዳባ ጠርሙሱን ከአፉ አወረደ።

«እማማ፣ ይሄ የኔ ድምፅ አይደለም እንዴ?»

«ለስላሳህን ጠጣ» አልኩት።

አለቀ። አሜን የሚባልበት ቦታ ያ ነበር፤ ግን ማንም አላለም።

አቶ በንቲ እጃቸውን አላወረዱም። «ኖላዊ» አሉ፣ «ሙሉሰው ታክሲ ያመለጠው ሰው መስሎ የሚመርቀው ከመቼ ወዲህ ነው? የአሜኑን ቦታ ማን በላው?»

«ቴፑ ነው፣ አባ በንቲ…»

«ቴፕ ምርቃት አይበላም። አሜን ያልተባለበትን ምርቃት ቤት ላይ አናሳርፍም። ሙሉውን አምጡ።»

ኖላዊ እፀገነትን አየ። እፀገነት እኔን አየች። ልጅቷ ላይ ሰው ሁሉ አፍጥጧል፣ ጆሮዋ ቀልቷል፣ ኋላ አበላሸሽው የምትባለው እሷ ናት። ይህን ማየት አልቻልኩም። እጄን ደረቴ ውስጥ ሰድጄ መሐረቡን ፈታሁና ካሴቱን ሰጠኋት። ሙቀቴን እንደያዘ ነበር።

ኖላዊ ጎንበስ ብሎ ጥርሱን ነክሶ «ስሙን ዝለይ። ሲያልቅ ወዲያው አቁሚ» አላት።

ለመጨረሻ ጊዜ ስትሰማው ከዶሮው ጩኸት አጠገብ መልሳ ነበር ያስቀመጠችው። ድምፁን ዘግታ ዶሮውንና ስሙን አሳለፈች፤ ከዚያ ከፈተች።

«…ልጄ፣ እጅህ አይንጠፍ።»

ቆመ። ያ የሮሎ መቆም። ሰው ሁሉ በአንድ አፍ «አሜን!» አለ።

«ላሞችህ በረት ይሙሉ።»

«አሜን!» የኖላዊ እንግዶች እብነ በረድ ላይ ቆመው ለላሞች አሜን አሉ። ኖላዊም አለ። ምን ያድርግ?

«እኔን እንዳነሣኸኝ ልጆችህ ያንሡህ።»

«አሜን!» በሩ አጠገብ ዳባ ቆሟል። ከስፒከሩ የሚወጣው አሜንና ከአፉ የሚወጣው አሜን አንድ ድምፅ ነው። ቀስ በቀስ ሰዎች ዞሩ። ስፒከሩን ያያሉ፣ ዳባን ያያሉ። ዳባ ግን ዓይኑን ጨፍኗል፤ እንባው ጃኬቱ ላይ ይወርዳል። ምርቃቱ ሲቀጥል፣ አሜን እያሉ የዘረጉትን መዳፍ ወደ በሩ አዞሩ። ኖላዊ ብቻውን ወደ ዓምዶቹ ዞሮ ቀረ።

ምርቃቱ አለቀ። እፀገነት ጣቷ ስቶፑ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን እሷ ሰምታዋለች፤ ሁሉንም ሰምታለች። እኔም ሰምቻለሁ። ለኖላዊ ግን አላሰማነውም፤ ይከፋዋል ብዬ እኔ ነኝ የከለከልኳት። ራሴን ነቀነቅሁላት፤ አቁሚ፣ ልጄ፣ አቁሚ። አየችኝ። ጣቷን ከስቶፑ አነሥታ ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

ሙሉሰው ሳል ሳለ። በረጋ ድምፁ፣ እየቆመ፣ ቀጠለ።

«ዳባ፣ ያንን ብርቱካን ለልጆችህ ውሰድላቸው። ኖላዊ ነው የላከው። በሾፌሩ።»

ዝም አለ። አሜን የሚባልበት ያህል።

«የሱንም ምርቃት አስቀምጬለታለሁ። አልሰጥም አላልኩም። መጥቶ ጉልበቴን ይሳምና ይውሰድ። ብርቱካን ነው በሾፌር የሚላከው። ነገ ይመጣ ይሆናል፤ በሩን ክፍት ተዉት።»

ለካ በሩን ክፍት የተወው ራሱ ነበር። ክሩ እየሄደ ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም፤ ዶሮና ንፋስ ብቻ።

ኖላዊ ማይክሮፎኑን ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። ሰው በመሐል መንገድ ለቀቀለት። ዳባ አጠገብ ሲደርስ ቆሞ አየው፤ አልፎትም ሄደ። ሾፌሩ ቁልፉን እያንቃጨለ ሮጦ ደረሰበት። ኖላዊ እጁን ዘርግቶ መለሰው። ከዚያ በነጭ ልብሱ፣ በዓምዶቹ መሐል አልፎ፣ የላፍቶን መንገድ ይዞ በእግሩ ወጣ።